ለፕሮዳክሽን ድርጅት የሚጻፍ የስክሪፕት ግምገማ ሪፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ተቀምጬ ለፊልም አዘጋጆች ስክሪፕት እያነበብሁ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከዚሁ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ሥራውን መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ገና ያልተሠራ የሌላ ሰው ስክሪፕት ዝርዝሩን አደባባይ ማውጣት ለስክሪፕት አንባቢ ተገቢ ስላልሆነ፣ በምሳሌነት የምጠቅሰው ስክሪፕት ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ ያቀናበርሁት እንጂ የማንም ሥራ አይደለም።

የግምገማ ሪፖርት ምንድን ነው? የሚጻፈውስ ለማን ነው?

ፕሮዲውሰሩ ስክሪፕቱን ሳያነብ በፊት የሚያነበው ከሦስት እስከ አምስት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነው። አንድ ድርጅት በወር ከሚደርሱት ስክሪፕቶች ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ጊዜ ስለማይኖረው፣ አንባቢ ቀጥሮ ወይም በየስክሪፕቱ እየከፈለ ያስነብባል። ሪፖርቱ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ መለያ መረጃዎቹንና የታሪኩን ሐሳብ የያዘ የፊት ገጽ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአጭሩ የሚተርክ ሲኖፕሲስ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኖችን የሚያትት አስተያየት፣ በመጨረሻም የውሳኔ ሐሳብ።

ሪፖርቱ የሚጻፈው ለድርጅቱ እንጂ ለጸሐፊው አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን ትዕይንት እንዲህ ብታደርጊው» እያሉ ጸሐፊዋን ማማከር ይጀምራሉ። ፕሮዲውሰሩ የጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ በእጁ ያለው ወረቀት ዛሬ ባለበት ሁኔታ ገንዘብና ጊዜ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል።

ምሳሌ የሚሆነው ስክሪፕት ስለ ምንድን ነው?

ባለ 94 ገጽ ድራማ ነው። ሐያት 26 ዓመቷ ሲሆን ደሴ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የ19 ዓመቱ ወንድሟ ሰይድ ከቤት ጠፍቶ በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያም ጅቡቲን አቋርጦ የመን ገብቷል። ገጽ 8 ላይ አጋቾቹ ደውለው በ15 ቀን ውስጥ 250,000 ብር እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ከባላቸው የቀረውን ብቸኛ ቤት ለመሸጥ ይነሳሉ፤ ሐያት ግን ወንድሟን የላከውን ደላላ አግኝታ ለማስለቀቅ በሰኞ የገበያ ቀን ባቲ ትወርዳለች። ገጽ 40 ላይ ሰይድ ራሱ ሁለት የሰፈር ልጆችን አግባብቶ ለደላላው እንዳመጣለት፣ በዚህም ምክንያት የመንገዱን ክፍያ እንዳልተጠየቀ ትሰማለች። የእነዚያ ልጆች እናቶች በየቀኑ በእናቷ ቤት ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ናቸው።

በፊት ገጹ ላይ ምን ይሰፍራል?

የስክሪፕቱ ርዕስ፣ የጸሐፊው ስም፣ የረቂቁ ቀን፣ የገጽ ብዛት፣ ዘውጉ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ የአንባቢው ስምና ያነበበበት ቀን ይሰፍራሉ። የረቂቁን ቀን መዝለል አይገባም፤ ጸሐፊው አሻሽሎ ሲመለስ የቀድሞው ሪፖርት የትኛውን ረቂቅ እንደሚመለከት የሚለየው በእሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሐሳቡ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ መዋቅሩና ቃለ ምልልሱ እያንዳንዳቸው ከ«እጅግ ጥሩ» እስከ «ደካማ» ደረጃ የሚሰጥባቸው ሠንጠረዥ ይመጣል።

በፊት ገጹ ላይ ጊዜ የሚወስደው ሎግላይን ነው። ታሪኩን በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግና ምን እንደሚያግዳት ማሳየት አለበት። «ስለ ስደት አስከፊነት የሚያስተምር ልብ የሚነካ ታሪክ» የሚለው ሎግላይን አይደለም፤ መቶ ስክሪፕት ላይ ይለጠፋል። ለምሳሌያችን የምጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ወንድሟን ከአጋቾች ለማስለቀቅ ደላላውን ፍለጋ ባቲ ገበያ የምትወርድ የደሴ ልብስ ሰፊ፣ ወንድሟ ራሱ ሁለት የጎረቤት ልጆችን ለደላላው እንዳስረከበ ስትደርስበት፣ እሱን ከማዳንና ለልጆቹ እናቶች እውነቱን ከመንገር አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባታል።»

ስክሪፕቱ ስንት ጊዜ ይነበባል?

ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ንባብ በአንድ ቁጭታ ብጨርሰው እመርጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ የት እንደሰለቸሁና የት እንደተሳብሁ የገጹን ቁጥር ከመጻፍ በስተቀር ማስታወሻ አልይዝም። ተመልካችም ፊልሙን እያቆመ አያይምና። በሁለተኛው ንባብ ግን በየትዕይንቱ ማን ምን እንደወሰነና በውሳኔው ምን እንደተለወጠ በአንድ መስመር እመዘግባለሁ። ሲኖፕሲሱም አስተያየቱም የሚወጡት ከዚህ መዝገብ ነው።

ሲኖፕሲስ እንዴት ይጻፋል?

ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ገጽ ይሆናል። ታሪኩን በቅደም ተከተል፣ መጨረሻውን ጨምሮ ይናገራል። «ሰይድ ይተርፍ ይሆን?» ብሎ ልብ ሰቅሎ ማቆም ለፖስተር ይሆናል፤ ፕሮዲውሰሩ የሚከፍልበት ነገር እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። የአንባቢው አስተያየት በሲኖፕሲስ ውስጥ ቦታ የለውም፤ «አሰልቺ በሆነ ትዕይንት» ወይም «በሚያስደንቅ ሁኔታ» የሚሉ ቃላት ወደ አስተያየቱ ክፍል ይሄዳሉ።

ግሡ የሚሆነው «ትሄዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ይደውላሉ» በሚለው መልክ ነው። በአማርኛ ስንተርክ «ሄደች፣ ጠየቀች» ማለት ስለሚቀናን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ሳይታወቀን ወደ ኃላፊው ጊዜ እንንሸራተታለን። የዚህ ጉዳት ሰዋስው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ከታሪኩ በፊት የሆነው (ሰይድ ከቤት መጥፋቱ) እና በታሪኩ ውስጥ የሚሆነው (ሐያት ባቲ መውረዷ) አንድ ላይ ይደባለቃል። ከታሪኩ በፊት ለሆነው ኃላፊ ጊዜን፣ በገጹ ላይ ለሚሆነው ያልተፈጸመውን ግሥ መጠቀም ሁለቱን በግልጽ ይለያቸዋል።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ አንቱታ ነው። በሲኖፕሲሱ ወይዘሮ ዘይነባን «እሳቸው» ካልሁ እስከ መጨረሻው «እሳቸው» እላለሁ። ስክሪፕቱ ውስጥ ግን ሐያት እናቷን ገጽ 9 ላይ «አንቺ»፣ ገጽ 30 ላይ «እርስዎ» ብትል በመዝገቤ ላይ አሰፍረዋለሁ። በመካከላቸው ቁጣ ወይም ቅሬታ ገብቶ ከሆነ ጸሐፊዋ አስባበት ያደረገችው ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ገጸ ባሕርይዋን አልሰማቻትም ማለት ነው።

በታሪኩ ውስጥ ምክንያቱ የማይታወቅ ነገር ቢያጋጥመኝ ሲኖፕሲሱ ላይ እንዴት ልጻፈው?

ከሁሉ አብልጬ የምጠነቀቅለት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥሩ የሚባሉ አንባቢዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

በምሳሌያችን ገጽ 61 ላይ ደላላው ለሐያት ደውሎ «ገንዘቡ ይቅር፤ ወንድምሽን በሳምንት ውስጥ ታገኚዋለሽ» ብሎ ይዘጋል። ለምን እንደተወው በዚያ ትዕይንትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት 33 ገጾች አይነገርም፤ በድርጊትም አይታይም። ስክሪፕቱን በጥሞና የሚያነብ ሰው ግን አእምሮው ክፍተት አይወድምና ሳያስበው ምክንያት ይፈጥርለታል። ከዚያም ሲኖፕሲሱን እንዲህ ብሎ ይጽፈዋል፦

«በሐያት ጽናት ልቡ የተነካው ደላላ፣ የራሱን እህት እያስታወሰ፣ የተጠየቀውን ገንዘብ ትቶ ሰይድን ለማስለቀቅ ይወስናል።»

ይህ ለንባብ ይጥማል። ሆኖም «ልቡ የተነካው» የሚለው በስክሪፕቱ ውስጥ የለም። የደላላው እህት ገጽ 22 ላይ በአንድ ቃል ብቻ ተነስታ እንደገና አልተጠቀሰችም፤ አንባቢው ሁለቱን ራቅ ራቅ ያሉ ነገሮች በራሱ ክር ሰፍቷቸዋል። ፕሮዲውሰሩ ይህን ሲያነብ ታሪኩ ምክንያትና ውጤት ያለው፣ ደላላውም የሚለወጥ ገጸ ባሕርይ ይመስለዋል። ትክክለኛው አጻጻፍ የሚከተለው ነው፦

«ደላላው ለሐያት ደውሎ ገንዘቡ እንደቀረና ሰይድ በሳምንት ውስጥ እንደሚመለስ ይነግራታል። ለምን እንደተወው በዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ባሉት ትዕይንቶች አይገለጽም።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አስተያየት አይደለም፤ በገጹ ላይ ስላለና ስለሌለ ነገር የተሰጠ ቃል ነው። «ደካማ ነው» አላለም፤ «አሳማኝ አይደለም» አላለም። የሲኖፕሲስ ታማኝነት ማለት ክፍተቱን ክፍተት አድርጎ ማሳየት ነው።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ሥራውን በጀመርሁ ሰሞን የአንድን ስክሪፕት ሲኖፕሲስ ልክ እንደ ፊተኛው አድርጌ ጻፍሁት። ክፍተቱን በሲኖፕሲሱ ውስጥ ስለደፈንሁት አስተያየቱን ስጽፍ ለእኔም አልታየኝም፤ በደካማ ጎኖቹ ውስጥ ሳይጠቀስ ቀረ። ፕሮዲውሰሩ በእኔ ሪፖርት ተማምኖ ለጸሐፊው ቅድሚያ ክፍያ ሰጠ። ተዋንያኑ ለንባብ በተቀመጡበት ቀን አንደኛዋ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ሐሳቡን የቀየረው?» ብላ ጠየቀች፤ ሁላችንም ስክሪፕቱን ገልጠን ፈለግን፤ መልስ አልነበረም። መልሱ የነበረው በእኔ ሪፖርት ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲኖፕሲሱን ከጨረስሁ በኋላ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ተጸጽቶ»፣ «ተነክቶ»፣ «አስቦ» የሚሉ ቃላት ባሉበት ሁሉ አቁሜ የገጽ ቁጥር እፈልግላቸዋለሁ። የገጽ ቁጥር ያጣሁለትን ቃል እሰርዘዋለሁ።

ጸሐፊው ሆን ብሎ የተወው ክፍተት ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል፤ ተመልካች ራሱ እንዲሞላው የሚተው ነገር አለ። ልዩነቱ የሚታወቀው ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በሚያደርጉት ነው። ሐያት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግራ ብትጋባ፣ ብትጠራጠር፣ ለእናቷ ብትነግራቸውና እሳቸውም «ያለ ነገር አይተውም» ቢሉ፣ ጸሐፊዋ ጥያቄውን ታውቀዋለች፤ ክፍት የተወችው ዐውቃ ነው። በምሳሌያችን ግን ሐያት ስልኩን ዘግታ ደስ ብሏት ወደ ስፌቷ ትመለሳለች፤ ጥያቄውን የሚያነሳ አንድም ሰው የለም።

ጠንካራ ጎኖችን ስጽፍ እንዴት ከባዶ ሙገሳ ልራቅ?

ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነና ለታሪኩ ምን እንደሠራ አብሮ በመጻፍ። «ቃለ ምልልሱ ውብ ነው» የሚለው ለፕሮዲውሰሩ ምንም አይነግረውም። በምሳሌያችን ያለውን የሲኒ ጉዳይ ልውሰድ፦

«ወይዘሮ ዘይነባ ሰይድ በሌለበትም ሲኒውን ከረከቦቱ አያነሱም። ገጽ 9 ላይ በአቦል ሞልተው ያስቀምጡለታል፤ ማንም አይነካውም፣ ማንም ምንም አይልም። ገጽ 47 ላይ በቶና ሲሞሉት፣ ሰይድ ያደረገውን በዚህ ጊዜ ያወቀችው ሐያት ሲኒውን አንስታ ትደፋዋለች፤ የልጆቹ እናቶች ግን እያዩ ምክንያቱን አያውቁም። ገጽ 92 ላይ በበረካ ሰይድ ራሱ ይጠጣበታል። አንድ ዕቃ በሦስቱ የቡና ዙሮች ሦስት ትርጉም ይይዛል፤ የሐያት ምሥጢርም ያለ ቃለ ምልልስ በመደፋቱ ብቻ ይታያል።»

ይህን ያነበበ ፕሮዲውሰር ጸሐፊዋ በምስል ማሰብ እንደምትችል በራሱ ይደመድማል። ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ጠንካራ ጎን መደርደርም አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለይሉኝታ የሚጨመር ነው።

ደካማ ጎኖችንስ?

ሥሩን ከምልክቶቹ መለየት ያስፈልጋል። ከሁለተኛው ንባብ በኋላ መዝገቤ ላይ ለምሳሌያችን እነዚህ ነገሮች ተጽፈው አገኛለሁ፦ ደላላው ያለ ምክንያት ይተወዋል፤ ከገጽ 61 በኋላ ታሪኩ ይቀዘቅዛል፤ ሁለቱ የሰፈር ልጆች የት እንደደረሱ አይነገርም፤ መጨረሻው ላይ የሐያት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም። አራቱን እንደ አራት የተለያዩ ስሕተቶች ብዘረዝራቸው ፕሮዲውሰሩ እያንዳንዳቸውን በአንድ ቀን የሚጠገኑ አድርጎ ያያቸዋል።

አራቱም ግን የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። ስክሪፕቱ ገጽ 40 ላይ ሐያትን ከባድ ምርጫ ፊት ያቆማታል፤ እውነቱን ብትናገር ጎረቤቶቿ የሰይድ ጠላት ይሆናሉ፣ ምናልባትም ለሰይድ ማስለቀቂያ የሚያሰባስቡላትን ገንዘብ ያቆማሉ፤ ብትደብቅ የሁለት እናቶችን ልጆች ዕጣ ደብቃ ቡና ታፈላላቸዋለች። ከዚያ ሳትመርጥ ደላላው ደውሎ ጭንቀቷን ያነሳላታል። ገንዘቡ ስለቀረ የመናገርና ያለመናገር ዋጋ ይጠፋል፤ ዋጋ ስለጠፋ ታሪኩ ይቀዘቅዛል፤ ልጆቹን የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ይረሳሉ፤ ያልተመረጠ ዝምታም መጨረሻው ላይ ትርጉም አይሰጥም። በሪፖርቱ ላይ የምጽፈው ይህንን ሰንሰለት ነው፤ ምልክቶቹን በገጽ ቁጥራቸው እየጠቀስሁ።

መፍትሔ ልጻፍ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አቅጣጫ መጠቆም ይቻላል፤ «የደላላው ስልክ ቢወጣና ሐያት እንድትመርጥ ቢደረግ» ያህል። ከዚያ በላይ ሲሄድ አንባቢው የራሱን ፊልም መጻፍ ይጀምራል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ወሎ ውስጥ ከሆነ የተለየ የማየው ነገር አለ?

አዎን፤ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ያጋጥማሉ። አንደኛው የእኛ የአገሩ ልጆች ማመቻመች ነው። ጦሳን፣ የሐረጎን ጭጋግ፣ የሐይቅን ውሃ በገጹ ላይ ስናይ ልባችን ስለሚሞቅ ትዕይንቱ ሳይሠራ የሠራ ይመስለናል። የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው፦ ይህ ትዕይንት ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ምን ይጎድለዋል? በምሳሌያችን ባቲ ብትወጣ ታሪኩ ይፈርሳል፤ ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት ስለሆነች፣ በሰኞ ገበያዋም አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው ስለሚገናኙ ደላላው የሚደበቅበት ሕዝብ ያለው እዚያ ነው። ገጽ 33 ላይ ሐያት ጦሳ ላይ ቆማ ከተማዋን የምታይበት ትዕይንት ግን የትም ተራራ ላይ ይሆናል፤ የሚለውጠው ነገርም የለም።

በዚህ ስክሪፕት «የባቲ ቅኝት ይሰማል» የሚል መመሪያ ስድስት ቦታ ተጽፏል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከአገራችን የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ በትክክለኛው ቦታ ሲገቡ የሚሠሩትን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጸሐፊዋ ሙዚቃውን የጻፈችው ትዕይንቱ ራሱ ኀዘኑን ባላመጣበት ቦታ ሁሉ ነው። ይህን በደካማ ጎን ውስጥ በአንድ መስመር አሰፍረዋለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው አገሩን ከማያውቅ አንባቢ ነው። «ወዳጃ»፣ «ዱዓ»፣ «ዚያራ» የሚሉ ቃላትን ሲያገኝ ተመልካች አይገባውም ብሎ እንደ ድክመት ይጽፋቸዋል። ቃሉ በሚነገርበት ትዕይንት ሰዎቹ የሚያደርጉት ከታየ ተመልካቹ ይገባዋል። ይልቅ መጠቀስ ያለበት በባቲ ትዕይንቶች ውስጥ ማን በምን ቋንቋ እንደሚናገር ነው። ስክሪፕቱ የአፋሩን ግመል ነጂ ንግግር በአማርኛ ጽፎ ካለፈው፣ በአፋርኛ ሆኖ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ይግባለት ወይስ በአማርኛ ይናገር የሚለው ሳይወሰን ቀርቷል፤ ይህም የተዋናይ ምርጫን ይነካል።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ለአማርኛ ስክሪፕት ይሠራል?

እንደወረደ አይሠራም። ስሌቱ የተለመደው በኩሪየር ፊደል፣ በ12 ነጥብ መጠን፣ በተወሰነ ኅዳግ ለሚጻፍ የእንግሊዝኛ ስክሪፕት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቦታ ይይዛል፤ ጸሐፊዎቻችን የሚጠቀሙባቸው ፊደላት፣ መጠንና ኅዳግም ይለያያሉ። ስለዚህ እለካዋለሁ። ከስክሪፕቱ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ በድምሩ 10 ገጽ መርጬ፣ ድርጊቱን በዓይነ ኅሊናዬ እየተከተልሁ፣ ቃለ ምልልሱን ጮክ ብዬ በስልክ ሰዓት እያነበብሁ እመዘግባለሁ። ለምሳሌያችን 13 ደቂቃ ወሰደብኝ እንበል። አንድ ገጽ 1.3 ደቂቃ ይሆናል፤ 94 ገጹ ደግሞ 122 ደቂቃ ያህል። የ94 ደቂቃ ፊልም ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮዲውሰር የሚሠራው የሁለት ሰዓት ፊልም ነው ማለት ነውና ቁጥሩን በፊት ገጹ ላይ ከገጽ ብዛቱ አጠገብ እጽፈዋለሁ።

ስለ ወጪ መጻፍ የአንባቢ ሥራ ነው?

በጀት ማውጣት አይደለም። ወጪ የሚያስከትለውን ነገር ከነገጹ መጠቆም ግን ነው። በምሳሌያችን ገጽ 22፣ 40 እና 66 ላይ የባቲ ገበያ ትዕይንቶች አሉ። እውነተኛው ገበያ የሚቆመው ሰኞ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱን በአንድ ሰኞ መጨረስ ካልተቻለ ቡድኑ ሳምንት ይጠብቃል ወይም ሕዝብና ከብት ተከራይቶ ገበያ ያቆማል። ደሴ ላይ ብርድና ጭጋግ፣ ባቲ ላይ ሙቀት መሆኑ፣ የየመኑ እስር ቤትም ሁለት ጊዜ መታየቱ ይጠቀሳል። በሦስት መስመር ያልቃል።

የውሳኔ ሐሳቡ እንዴት ይሰጣል?

በእንግሊዝኛው «ፓስ»፣ «ኮንሲደር» እና «ሪኮሜንድ» የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ። የመጀመሪያውን ወደ አማርኛ ስንመልሰው መጠንቀቅ ይገባናል። «ፓስ» ማለት እንተወው ማለት ነው፤ «ይለፍ» ብሎ የጻፈ አንባቢ ግን በአማርኛ ተቃራኒውን፣ ፈቃዱን ሰጠ። እኔ የምጠቀመው «አይወሰድም»፣ «ይታሰብበት» እና «ይወሰድ» በሚሉት ነው።

ደረጃው ለስክሪፕቱና ለጸሐፊው ለየብቻ ይሰጣል። «ይወሰድ» እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚጻፍ ቃል ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ሌላ ሥራውን ትቶ ዛሬ ማታ እንዲያነበው መጠየቅ ስለሆነ። «ይታሰብበት» ግን መሸሸጊያ እየሆነ ነው፤ ሰው ላለማስቀየም የሚጻፍ «ይታሰብበት» የፕሮዲውሰሩን ጊዜ ይበላል። ለራሴ ያወጣሁት መስፈሪያ አለ፦ ስክሪፕቱን «ይታሰብበት» የምለው ሥረ ነገሩ ተስተካክሎ፣ ችግሩ ተለይቶ በሚታወቅ ጥቂት ትዕይንት ሲወሰን ነው።

ለምሳሌያችን የምጽፈው የሚከተለው ነው፦

«ስክሪፕቱ፦ በዚህ ረቂቅ አይወሰድም። ጸሐፊዋ፦ ይታሰብበት። ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ እስከ ገጽ 60 ያለው ታሪክም ይይዛል። ሆኖም ገጽ 61 ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ መምረጥ ሲኖርባት ምርጫው በደላላው ስልክ ይነሳላታል፤ በመሆኑም እስከ ገጽ 94 ያለው ሁሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ይህም ከስክሪፕቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ነው። ጸሐፊዋ በምስል የመናገር ችሎታዋ በገጽ 9፣ 47 እና 92 ላይ ይታያል፤ የሚቀጥለውን ረቂቅ ወይም ሌላ ሥራዋን ማየት ይገባል።»

ሪፖርቱ ለጸሐፊዋ ይሰጣታል?

የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ አንባቢው በራሱ ፈቃድ አይሰጥም። ደሴ ውስጥ ሰው ይተዋወቃል፤ ጸሐፊዋ የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ ቡና ላይ ተገናኝታችሁም «እንዴት አገኘኸው?» ትላለች። የሚሰጠው መልስ አንብቤ ለድርጅቱ ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ቀሪውን ከእነሱ ትሰሚያለሽ የሚል ነው። ጸሐፊዋን ቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ስክሪፕቱን ከመክፈቱ በፊት ይህንኑ ለፕሮዲውሰሩ ያሳውቃል፤ ፕሮዲውሰሩ ቢፈልግ ለሌላ አንባቢ ያስተላልፈዋል፣ ባይፈልግ ዝምድናው በፊት ገጹ ላይ ከአንባቢው ስም አጠገብ ይጻፋል።